ከሶፋው ቀድሞ የሚደርሰው ወረቀት

ኤልምሁልት በደቡብ ስዊድን የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1953 ኢንግቫር ካምፕራድ የተባለ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ነጋዴ እዚያ አንድ አሮጌ የአናጢ ቤት ገዝቶ የቤት ዕቃ ማሳያ አደረገው። ካምፕራድ እስከዚያ ድረስ የሚሸጠው በፖስታ ነበር። ደንበኛው በወረቀት ላይ ሥዕሉንና ዋጋውን አይቶ ያዛል፣ ዕቃው ይላክለታል። ተፎካካሪዎቹ ዋጋ ሲያወርዱ ግን እሱም ማውረድ ግድ ሆነበት፤ ዋጋው በወረደ ቁጥር ጥራቱም አብሮ ወረደ። በወረቀት ላይ ደግሞ ጠንካራውና ደካማው ዕቃ አንድ ይመስላሉ። መውጫው ሰዎችን ጠርቶ ዕቃውን በእጃቸው ማስነካት ነበር። ለደንበኞቹ በላከው ወረቀት መጥተው እንዲያዩ ጋበዛቸው፤ ለመጣ ሁሉ ቡናና ዳቦ በነጻ እንደሚቀርብም ጻፈበት።

በመክፈቻው ዕለት ከአንድ ሺህ በላይ ሰው በር ላይ ተሰለፈ። ካምፕራድ ከዓመታት በኋላ ሲያወራ፣ ያን ሰልፍ ሲያይ እንደደነገጠ ተናግሯል፤ ላይኛው ፎቅ ይህን ሁሉ ሰው ይችል ይሆን? ዳቦውስ ይበቃ ይሆን? ዛሬ አይኪያ በሚል ስም የሚታወቀው ድርጅት የመጀመሪያ ማሳያ ቤት የተከፈተው እንዲህ ነበር። ባለ5 እና ባለ10 ክሮነር የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛዎች ጎን ለጎን ቆመው ሲያዩ፣ ሰዎቹ ነካ ነካ አድርገው ውዱን መረጡ።

ያው ድርጅት ከ50 ዓመት በኋላ በሁለት ከተሞች ያደረገው መክፈቻ ግን በሌላ ምክንያት ይታወሳል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2004 ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ጅዳ፣ ቁጥሩ የተወሰነ የስጦታ ኩፖን ለማግኘት በር ላይ የተሰበሰበው ሕዝብ ሲጋፋ 3 ሰዎች ሞቱ። በየካቲት 2005 ደግሞ በሰሜን ለንደን ኤድመንተን ማሳያው ሊከፈት የታሰበው በእኩለ ሌሊት ሲሆን፣ የቆዳ ሶፋ በ45 ፓውንድ የሚያስገኘው ቅናሽ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ብቻ እንደሚቆይ ተነግሮ ነበር። 6,000 ያህል ሰው መጣ። ግፊያው ሰው ስለጎዳ ሱቁ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተዘጋ።

ሦስቱንም ጥሪዎች ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ልዩነቱን በቀላሉ ያየዋል። የኤልምሁልቱ ለመጣ ሁሉ የሚደርስ ነገር ነበር፤ ዘግይቶ የደረሰም ቡናውን ይጠጣል። የጅዳና የለንደኑ ግን ቀድሞ ለደረሰ ብቻ የተባለ ነበር። ሕዝቡ የተጋፋው ሥርዓት ስለጎደለው ነው ቢባል ግማሽ እውነት ነው። ወረቀቱ ሩጡ ብሎት ነበርና ሮጠ።

አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዕቃ ማሳያ የሚከፍት ነጋዴ 6,000 ሰው በሌሊት ይጎርፍብኛል ብሎ አይሰጋም። የሚገጥመው ችግር ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ የጠራው ሰው ይቀራል፣ የመጣውም ካሰበው የተለየ ነገር አግኝቶ ይመለሳል። መንስኤው ግን ተመሳሳይ ነው። በከተማው አጥርና ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው የመክፈቻ ጥሪ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነው፦

«ታላቅ የምሥራች! ዘመኑ ያፈራቸውን፣ በዓይነታቸው ልዩ የሆኑና ጥራታቸውን የጠበቁ የቤትና የቢሮ ዕቃዎችን በተመጣጣኝ ዋጋ የሚያገኙበት ሾውሩማችን በቅርብ ቀን ይከፈታል። እስከ 50% ቅናሽ! ይምጡ፣ ይጎብኙን!»

ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጨበጥ ነገር ሲፈለግ አንድ ቁጥር ብቻ ይገኛል፤ እሱም «እስከ» ከሚል ቃል ኋላ ተደብቋል። ሶፋ 5 በመቶ፣ አንዲት የጠረጴዛ መብራት 50 በመቶ ብትቀነስ ጽሑፉ አልዋሸም ይባል ይሆናል። ሶፋ ፈልጎ ከጎሮ ድረስ የመጣው ሰው ግን እንደተታለለ ይቆጥረዋል። «በቅርብ ቀን» የሚለውን ያነበበ ሰው ቀን አይቆርጥም፤ ያልተቆረጠ ቀን ደግሞ ይረሳል። «ዘመኑ ያፈራቸው» የሚለው ለስልክም፣ ለጫማም፣ ለመጋረጃም ስለሚባል ስለ ሶፋ የሚነግረው የለም።

አንድ ምሳሌ ወስዶ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከተል ይሻላል። አንድ ነጋዴ በሲኤምሲ መንገድ፣ በአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሶፋ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና የምግብ ጠረጴዛ የሚያሳይበት ቤት አዘጋጅቷል እንበል። ገሚሱ ዕቃ በራሱ ወርክሾፕ የተሠራ ነው፤ ገሚሱ ከውጭ የገባ። ቀኑን ሲመርጥ 2018 ዓ.ም.ን ይዞ ይቆጥራል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 9 ጀምሮ እስከ ፋሲካ፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 4 ይዘልቃል። በጾም መሐል የሠርግ ድግስ ስለማይኖር አዲስ ተጋቢ ገዢ ይቀንሳል። ከፋሲካ በኋላ ግን ሠርጉ ይጀምራል፤ ያኔ የሚፈለገው ደግሞ አልጋ፣ ቁም ሳጥንና ቡፌ ነው። ነጋዴው ለሕዝብ የሚከፍትበትን ቀን ቅዳሜ ሚያዝያ 24 ያደርጋል።

የተጠሩ እንግዶችን የሚቀበለው ግን በዋዜማው ዓርብ ነው። መክፈቻውን ለሁለት መክፈሉ ከላይ ሲታይ ወጪ ይመስላል። ሁለቱን በአንድ ቀን ያደረገ ነጋዴ ግን የሚያየውን እናውቃለን፤ የክብር እንግዳው ሪባን እስኪቆርጥ ገዢው ደረጃ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሻጮቹ ድግስ ያቀርባሉ፣ ዋጋ የሚጠይቀው ሰው መልስ ያጣል። ዓርብ ሚያዝያ 23 ደግሞ የሠራተኞች ቀን በዓል ስለሆነ የቢሮ ሰው ነጻ ነው። ባንክና ማተሚያ ቤት ግን ዝግ ስለሚሆኑ ገንዘቡም ባነሩም እስከ ሐሙስ ማለቅ አለባቸው። ድግሱንም በተመለከተ ከፋሲካ ቀጥሎ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም፣ ዓርብ ቀን ፍስክ ማቅረብ ይቻላል። በሌላ ወር ቢሆን ኖሮ የዓርብ ጥሪ ላይ ሥጋ ያቀረበ ሰው ከእንግዶቹ እኩሌታውን ጦም አዳሪ ያደርግ ነበር።

ለዓርቡ የሚያስፈልገው የጥሪ ካርድ ነው። ካርድና ፖስተር በአንድ ቤት ቢወለዱም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ፖስተር ማንነቱን ለማያውቀው መንገደኛ ይናገራል። ካርድ ግን ስሙ ለተጻፈበት ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ማዕረጉን ካሳሳተ ባይላክ ይሻለው ነበር። ዶክተሯን «ወይዘሮ»፣ ኢንጂነሩን «አቶ» ብሎ መጥራት በእኛ አገር በቀላሉ አይረሳም። ጽሑፉ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለክቡር ኢንጂነር ……………
በሲኤምሲ ያዘጋጀነው የቤት ዕቃዎች ማሳያ ቤት ዓርብ ሚያዝያ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ይመረቃል። ከባለቤትዎ ጋር ተገኝተው የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑልን በአክብሮት ጠርተንዎታል።
እንግዶችን ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንቀበላለን፤ ዳቦ የሚቆረሰው በ10 ሰዓት ነው።
መምጣትዎን እስከ ረቡዕ በስልክ ቢያሳውቁን ደስ ይለናል።»

እዚህ ላይ «በዓይነቱ ልዩ» የሚል ነገር የለም፤ ቅናሽም አልተነሳም። የተከበረ እንግዳን በቅናሽ መጥራት ነውር ባይሆንም ደስ አይልም። ሁለት ሰዓቶች የተጻፉት ሆን ተብሎ ነው። እንግዳ መቀበያው ብቻ ሲጻፍ ሁሉም «እስኪጀመር ግማሽ ሰዓት አለ» ብሎ ይዘገያል፤ ዳቦው መቼ እንደሚቆረስ ሲያውቅ ግን ሽማግሌው ሲመርቁ ለመድረስ ይሞክራል። በስልክ ማሳወቁም ጌጥ አይደለም፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሶፋና አልጋ ተደርድሮ የሚቀረው ባዶ ቦታ 60 ሰው የሚያስቆም ከሆነ፣ «ከባለቤትዎ ጋር» የሚል 50 ካርድ መበተን 100 ሰው መጥራት ነው።

ማን ይጠራ የሚለው ላይ ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ዘመድና ባለሥልጣን ያስቀድማሉ። ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚጠቅመው ግን የቤት ውስጥ ዲዛይን የሚሠራው፣ ሆቴል የሚያስጨርሰው፣ አፓርታማ የሚሸጠው ሰው ነው። አንድ እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ጊዜ 20 አልጋ ሊያዝ ይችላል። ሶፋውን የሠሩት አናጢዎችና ልባሽ ሰፊዎችም መጠራት አለባቸው፤ እንጨቱ ዋንዛ ነው ወይስ ባሕር ዛፍ ብሎ እንግዳ ሲጠይቅ በልበ ሙሉነት የሚመልሱት እነሱ ናቸውና።

ወደ ፖስተሩ እንምጣ። ነገሩ የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ነው።

በሲኤምሲ መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ታክሲ በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ተሳፋሪው ባነሩን ከ50 ሜትር ርቀት ቢያየው ለማንበብ ያለው ጊዜ ከ5 ሰከንድ በታች ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰባት ስምንት ቃል ካነበበ ጎበዝ ነው። የሰሌዳ ሠሪዎች የተለመደ ስሌት ለየ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ይላል፤ ስለዚህ ከ30 ሜትር በምቾት ለመነበብ ፊደሉ 25 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ይህ ስሌት የወጣው ለላቲን ፊደል ነው። የእኛ ፊደል እግርና ቀለበት ስላለው፣ ሙ ከመ፣ ሰ ከስ የሚለየው በትንሽ ጭረት ስለሆነ፣ ከዚህ ማነስ የለበትም።

አሁን 3 ሜትር ርዝመት ያለውን ባነር አስቡት። 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ስፋቱም ከቁመቱ ብዙ ስለማይርቅ፣ በአንድ መስመር ላይ ከ11 ወይም 12 ፊደል በላይ አይገባም። «ታላቅ የምሥራች ለውድ ደንበኞቻችን» የሚለው አይችልም። «ቅዳሜ እንከፍታለን» የሚለው ግን ክፍተቱን ጨምሮ 11 ሆኖ ልክ ይገባል። ከሥሩ በመጠኑ ባነሰ ፊደል «ሚያዝያ 24፣ ሶፋና አልጋ» ይከተላል። የመንገድ ባነሩ ከዚህ በላይ መናገር የለበትም፤ የቀረው በእግር ለሚያልፈው ሰው በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ይጻፋል።

ያ ወረቀት በማተሚያ ቤቶች ቋንቋ ኤ2 የሚባለው፣ 42 በ59.4 ሴንቲ ሜትር የሆነው ቢሆን ይበቃል። ጽሑፉም እንዲህ፦

«ቅዳሜ ሚያዝያ 24 እንከፍታለን
ሶፋ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የምግብ ጠረጴዛ
ይቀመጡበት፣ ይተኙበት፣ መሳቢያውን ይሳቡት
ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት
ሲኤምሲ፣ ወደ አያት በሚወስደው መንገድ በስተቀኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ከሚያዝያ 24 እስከ 30 በማሳያው ውስጥ ባሉ ሶፋዎች ሁሉ ላይ 10% ቅናሽ። ዋጋው ቫትን ይጨምራል። ቀድመው መምጣት አይጠበቅብዎትም፤ ያለቀ ሶፋ በዚያው ዋጋ በትዕዛዝ ይሠራል።»

ሦስተኛው መስመር የኤልምሁልትን ሐሳብ የያዘ ነው። ሰው ለሶፋ የሚመጣው ሥዕሉን በስልኩ ስላላየ አይደለም፤ አይቶታል። ስፖንጁ እንደሚሰምጥ፣ መሳቢያው እንደሚያንቃጭል ስልክ አይነግረውም። የመጨረሻው መስመር ደግሞ የጅዳውንና የለንደኑን ስህተት ከመጀመሪያው ይዘጋል። በእርግጥ ይህን መጻፍ የሚችለው ወርክሾፕ ያለው ነጋዴ ነው። ሶፋው በሙሉ ከውጭ የገባ ከሆነ «15 ሶፋዎች ብቻ አሉ» ብሎ ቁጥሩን ማሳወቅ ይሻለዋል።

የቫቷ ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ በገንዘብ ስትሰላ ግን ትልቅ ናት። ዋጋው ከቫት በፊት 120,000 ብር የሆነ ሶፋ እንውሰድ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 138,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 10 በመቶ ሲቀነስ 124,200 ብር ይወጣል። በፖስተሩ ላይ 120,000 ተጽፎ አጠገቡ 10% ቅናሽ ቢባል ግን፣ ገዢው በልቡ 108,000 ብር ይዞ ይመጣል። ገንዘብ መቀበያው ጋር ሲደርስ 16,200 ብር ይጨምራል። ሻጩ «ያለ ቫት ነው የጻፍነው» ሲል ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጭቅጭቁ ግን በመክፈቻው ዕለት በሌሎች ገዢዎች ፊት ነው። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላሉ። ከቤት ውጭ የሚሰቀል ማስታወቂያም ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያለ ፈቃድ የተለጠፈ ወረቀት ከመክፈቻው በፊት ሊነሳ እንደሚችል ታስቦ ቀደም ብሎ መጠየቅ ነው።

ሰዓቱም የራሱ ወጥመድ አለው። ከኢንተርኔት በወረደ ቅጽ የሚሠራ ዲዛይነር ብዙ ጊዜ «9:00» የሚለውን ሳይነካ ይተወዋል። ይህን ያነበበ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሁን ከቀኑ 9 ሰዓት ሊያውቅ አይችልም። «ከጠዋቱ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጋር ተጣብቆ መጻፍ አለበት። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ከውጭ የመጣ ዘመድ ወይም የኤምባሲ ሠራተኛ የሚጠራ ከሆነ ከሥሩ በትንሽ ፊደል ሜይ 2 ቀን 2026 ተብሎ ይታከል፤ ሁለቱን በእኩል መጠን መጻፍ ግን ሁለት መክፈቻ ያለ ያስመስላል።

አድራሻውን በተመለከተ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የሚመራው በሰፈርና በምልክት ነው። የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ግን ብዙ የታወቁ ምልክቶች ፈርሰዋል፤ «ከድሮው ካፌ ፊት ለፊት» የሚለው ካፌው ከሌለ ማንንም አያደርስም። በሲኤምሲ መንገድ ደግሞ የቀላል ባቡሩ ሐዲድ መንገዱን ለሁለት ይከፍለዋል። በመኪና የመጣ ሰው ሕንፃውን በማዶ ካየው ለመዞር ብዙ ይሄዳል፤ በእግር የመጣውም መሻገሪያ ይፈልጋል። «በስተቀኝ» የምትለዋ ቃል ያለ አቅጣጫ ከንቱ ስለሆነች «ወደ አያት በሚወስደው መንገድ» የሚለው አብሯት ገብቷል። የካርታውን ቦታ በስልክ የሚያሳይ ኪውአር ኮድ ከታች መጨመር ጥሩ ነው፤ ከመታተሙ በፊት በሁለት ሦስት የተለያዩ ስልኮች ተነቦ መሞከር አለበት።

ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ማተሚያ ቤት የሚደርሰው አደጋ ለአማርኛ የተለየ ነው። ዩኒኮድ ባልሆነ የፊደል ዓይነት የተጻፈ ጽሑፍ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም በሌላቸው የላቲን ምልክቶች ይሞላል። የባሰው ግን ከፊሉ ብቻ ሲበላሽና ማንም ሳያየው ሲታተም ነው። መፍትሔው ፋይሉን ከመላክ በፊት ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ መለወጥ፣ ቀጥሎም ከማተሚያ ቤቱ አንድ ናሙና ወረቀት አስወጥቶ ማንበብ ነው። ሌላው ስህተት ማወፈር ነው። የአማርኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የፊደል ዓይነት ስለሌለው ዲዛይነሩ ለማጉላት ወደ ማወፈር ይሄዳል። ወፍራም ሆኖ ያልተሳለ ፊደል በኮምፒውተር ሲወፍር የጨና የጩ፣ የቀና የቁ ውስጣቸው በቀለም ይሞላል፤ ከሩቅ ጥቁር ነጠብጣብ ይመስላሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ በተለያየ ውፍረት ተስሎ የተዘጋጀ ፊደል መጠቀም ይህን ያስቀራል።

ናሙናውን ማን ያንብበው? ጽሑፉን የጻፈው ሰው አይሁን፤ እሱ የሚያነበው በሐሳቡ ያለውን ነው። ሰፈሩን የማያውቅ አንድ ሰው ወረቀቱ ለአፍታ ታይቶት ይወሰድበትና መቼ፣ የት፣ ምን እንደሆነ ይጠየቅ። «ሶፋ የሚሸጥ ነገር ነው፣ ቀኑን ግን አላየሁትም» ካለ፣ ቀኑ ከጌጡ ያነሰ ስለሆነ ተመልሶ ይሠራል።

ነጋዴው ሁለት ዓይነት ፖስተር ማሳተሙም ይጠቅመዋል። የቅናሹ መስመር ከሚያዝያ 30 በኋላ እውነት አይሆንም፤ በግንቦት አጋማሽ ያንኑ ወረቀት ያነበበ ሰው መጥቶ ቅናሹን ሲጠይቅ መልሱ ለሁለቱም ወገን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ 200 ወረቀት ከፈለገ 120ውን ከቅናሹ መስመር ጋር፣ 80ውን ያለሱ ያሳትማል። ዓርብ ሚያዝያ 30 ማታ አንድ ሠራተኛ በዝርዝር ወደተመዘገቡት ቦታዎች ሄዶ የቀድሞዎቹን ያነሳል፣ አዲሶቹን ይለጥፋል። ዝርዝሩ ወረቀቶቹ ሲለጠፉ ካልተያዘ ግን የት እንደተለጠፉ የሚያስታውስ ስለማይኖር፣ መዝገቡ የሚጀመረው የመጀመሪያው ወረቀት በተለጠፈበት ዕለት ነው።